ሲጨምቅ የሚዘለው ማሽን፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት

የእህቴ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ ይዘላል። ይንቀጠቀጣል ማለት ብቻውን አይገልጸውም። ትናንት ማታ ከቦታው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት መጥቶ፣ የውሃ ማፍሰሻ ቱቦውን ወጥሮ ነው የቆመው። እህቴ ውሳኔዋን ጨርሳለች።

«በቃ አርጅቷል፤ አትልፋ።»

«እስኪ መጀመሪያ ልየው፤ ለመጣል አንቸኩል።»

ማሽኑ በሩ ከፊት የሆነ፣ 7 ኪሎ የሚይዝ፣ ጭመቃው በደቂቃ እስከ 1200 ዙር የሚደርስ ነው። የቆመው ኮንክሪት ላይ በተነጠፈ ሴራሚክ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተጠርጣሪ ከወዲሁ ቀርቷል። ወለሉ ጣውላ ቢሆን ኖሮ አብሮት ስለሚወዛወዝ ነገሩ ይወሳሰብ ነበር።

መፍቻ ከማንሳቴ በፊት ከበሮውን ባዶ አድርጌ የጭመቃውን ፕሮግራም ብቻ አስጀመርኩ። ይህን ሙከራ የማስቀድመው ነገሩን ለሁለት ስለሚከፍልልኝ ነው። ባዶ ከበሮ ክብደቱ ዙሪያውን እኩል ነው። ባዶውን እየዞረ ማሽኑ ከዘለለ ጥፋቱ የልብሱ አይደለም፤ ወይ እግሮቹ ናቸው፣ ወይ ወለሉ፣ ወይ ከበሮውን የያዙት የውስጥ ዕቃዎች። ባዶውን ጸጥ ብሎ ዞሮ ልብስ ሲገባበት ብቻ የሚያብድ ከሆነ ደግሞ ችግሩ በአብዛኛው የልብሱ አቀማመጥ ላይ ነው። ይህን ሳይለዩ እግር ሲያዞሩ መዋል ድካም ብቻ ነው።

ውጤቱ መሐል ላይ ወደቀ። ማሽኑ አልዘለለም። ግን ፍጥነቱ ከፍ ሲል ከኋላ በኩል ቋ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ጀመረ። መዳፌን ክዳኑ ላይ፣ ከኋላ በግራ ጥግ በኩል አሳርፌ ጫን አልኩት። ድምፁ ወዲያው ጠፋ። እጄን ሳነሳ ተመለሰ።

ስለዚህ ያለን አንድ ችግር ሳይሆን ሁለት ነው። አንዱ የእግር ነው፤ ባዶውንም ቢሆን ያንኳኳል። ሌላው የልብስ ነው፤ ማሽኑን ስንዝር ያስኬደው እሱ መሆን አለበት። ከእግሩ እጀምራለሁ። እግሩ እያንኳኳ ልብሱን ብፈትሽ የትኛው ምን እንደሚያደርግ አይለይልኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት

እግር ከመንካቴ በፊት ጀርባውን አየሁ። አዲስ ማሽን ሲጓጓዝ ከበሮው እንዳይወዛወዝ ከኋላ በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራል። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ናቸው። ማሽኑ ሲተከል መውጣት አለባቸው። ካልወጡ ከበሮው ከሣጥኑ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚታሰር ማሽኑ ገና በመጀመሪያው ጭመቃ እንደ አበደ በሬ ይሆናል። የኛው ከገባ ዓመታት አልፈውታል፤ ቀዳዳዎቹም በፕላስቲክ ተደፍነዋል። ስለዚህ በዚህ በኩል ሰላም ነው። ግን አዲስ ማሽን ገዝቶ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ የሆነበት ሰው ከሁሉ በፊት እዚያ ይመልከት። ብሎኖቹም አይጣሉ፤ ቤት ሲቀየር ያስፈልጋሉ።

አሁን ወደ እግሮቹ። ውሃ ልኩን ክዳኑ ላይ፣ መጀመሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀጥሎ ከፊት ወደ ኋላ አስቀመጥኩ። አረፋው በሁለቱም መሐል ላይ ቆመ ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ልክ ነው» ብሎ ይነሳል። ነገር ግን ውሃ ልክ የሚነግረን የክዳኑን ዝንባሌ ብቻ ነው። አራቱም እግሮች ክብደት መሸከማቸውን አይነግረንም። ዕቃ በሦስት እግር ይቆማል፤ አራተኛው አየር ላይ ተንጠልጥሎም አረፋው መሐል ሊሆን ይችላል። የሚያንኳኳው ያ አራተኛው ነው። ከበሮው በዞረ ቁጥር ሣጥኑ ወደዚያ ጥግ ይጋደላል፣ እግሩ ወለሉን ይመታል፣ ተመልሶ ይነሳል።

ለማረጋገጥ ክዳኑን በሁለት እጄ በሰያፍ ያዝኩት። አንድ እጅ ከፊት በቀኝ፣ አንዱ ከኋላ በግራ። አንዱን ስጫን ሌላውን ስለቅ ማሽኑ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ። በሌላኛው ሰያፍ ስሞክረው ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የወፍራም ወረቀት ቁራጭ ወስጄ እግሮቹ ሥር ለማስገባት ሞከርኩ። ከፊት ሁለቱ ሥር አልገባም። ከኋላ በቀኝም አልገባም። ከኋላ በግራ ግን ሰተት ብሎ ገባ። ወረቀቱን አራት አምስት ጊዜ አጥፌ ስሞክረውም ገባ። ክፍተቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል።

ሌላም ዘዴ አለ፤ እኔ ከሁሉ የማምነው ይኼኛውን ነው። እግሩን በጣት ለማዞር መሞከር። ክብደት የተሸከመ እግር በባዶ እጅ በዋዛ አይዞርም። ወለሉን የነካ ግን ምንም ያልተሸከመ እግር በሁለት ጣት ይሽከረከራል። ወረቀት የማያስገባ እግር ሁሉ ተሸክሟል ማለት አይደለም፤ ይህን የሚለየው ጣት ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩ፣ የውሃውን ቧንቧ ዘጋሁ። ማሽኑ ከባድ ነው። ከበሮው እንዳይፈናጠር ውስጡ ኮንክሪት ወይም ብረት ክብደት ተጨምሮለታል። ስለዚህ እህቴ ወደ ፊት ዘንበል አደረገችልኝ፣ እኔ ከኋላ በኩል ጣውላ ሥሩ አስገባሁ። እጅን ሥሩ ከማስገባት በፊት ጣውላ ማስገባት የግድ ነው።

እግሩ ጥርስ ያለው ብሎን ነው፤ ከሥሩ ጎማ ያለው ክብ መርገጫ አለው። ብሎኑ ላይ አንድ ዳዶ አለ። ዳዶው ሥራው እግሩን መቆለፍ ነው፤ ወደ ላይ ተጠብቆ ከማሽኑ ወለል ጋር መጣበቅ አለበት። የኛው ዳዶ ወርዶ መርገጫው ላይ ተቀምጧል። ማለትም እግሩን የሚይዘው ነገር አልነበረም። ማሽኑ በተርገፈገፈ ቁጥር እግሩ በጥቂት በጥቂቱ ራሱን እያዞረ ወደ ውስጥ ገባ። 3 ሚሊሜትሩ የመጣው ከዚህ ነው።

እግሩን ወደ ውጭ ሁለት ሙሉ ዙር አወጣሁት። በእንዲህ ዓይነት እግር አንድ ሙሉ ዙር ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፤ ሁለት ዙር ለ3 ሚሊሜትር የሚበቃ መነሻ ነው። ማሽኑን አውርጄ በጣቴ ሞከርኩት። አሁንም ቀለል ብሎ ዞረ። ሩብ ዙር ጨመርኩ። ጠጠረ። በሰያፍ ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ የለም። አረፋው መሐል ላይ ነው። ከዚያ እግሩን በአንድ እጄ ይዤ ዳዶውን በመፍቻ ወደ ላይ አጠበቅኩት። እግሩን ካልያዝኩት ከዳዶው ጋር አብሮ ይዞርና የለካሁት ሁሉ ይበላሻል። የሦስቱንም ዳዶ አየሁ። ከፊት በቀኝ ያለው ላላ ብሏል፤ አጠበቅኩት።

አንድ ነገር ልጨምር። እግሮቹን ሁሉ አውጥቶ ማሽኑን ከፍ ማድረግ ለማጽዳት ይመች ይሆናል፣ ለጭመቃ ግን አይሆንም። እግሩ በረዘመ ቁጥር ይታጠፋል፣ ይወዛወዛል። አራቱንም በተቻለ መጠን ወደ ውስጥ አስገብቶ፣ ወለሉ ዝቅ ያለበትን ጥግ ብቻ ማውጣት ነው የሚሻለው። አንዳንድ ማሽን ላይ የኋላ እግሮች አይስተካከሉም፤ እዚያ ያለው ምርጫ ከፊት ማስተካከል ወይም ከኋላ እግር ሥር ጠንካራ፣ የማይንሸራተት ነገር ማስገባት ነው። የታጠፈ ካርቶን ግን አይሆንም፤ ውሃ ሲነካው ይሟሟል።

ባዶውን እንደገና አስጨመቅኩት። 1200 ደረሰ። የሞተር ድምፅ ብቻ።

እሑድ

ዛሬ የልብሱ ተራ ነው። ከፊት ሁለቱ እግሮች አጠገብ ሴራሚኩ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ምልክት አደረግኩ። ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ በዓይን ግምት ሳይሆን በምልክቱ እናውቃለን።

እህቴን አርብ ማታ ምን እንዳጠበች ጠየቅኳት። አንድ ወፍራም የመታጠቢያ ጋዋን፣ ከሱ ጋር አራት ቲሸርት። በቃ። «ትንሽ ስለሆነ አይከብደውም ብዬ» አለች።

ችግሩ ትንሽ መሆኑ ነው። ከበሮው ውስጥ ብዙ ልብስ ሲኖር በዙሪያው ይነጠፋል፤ እዚህ ያለው እዚያ ያለውን ያመዛዝነዋል። አንድ ከባድ ነገር ብቻውን ሲሆን ግን ከተቃራኒው የሚቆም የለም። ጋዋኑን ደረቁን በሚዛን አየሁት፤ 1 ኪሎ ከ200 ግራም። ውሃ ሲጠጣ ከ3 ኪሎ በላይ ሆነ። አራቱ ቲሸርት እርጥባቸውን ተደምረው የሱን ግማሽ አይሞሉም።

ሒሳቡን አንዴ ሠርቶ ማየት ጥሩ ነው። ከበሮው 50 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት አለው እንበል፤ ስለዚህ ልብሱ ከመሐሉ 25 ሳንቲሜትር ርቆ ነው የሚዞረው። በአንድ ወገን 1 ኪሎ ብቻ ቢበልጥ፣ በደቂቃ 400 ዙር ላይ ያቺ 1 ኪሎ ከበሮውን የምትጎትተው 45 ኪሎ ያህል ክብደት ባለው ጉልበት ነው። 1200 ላይ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ጉልበቱ ግን ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ወደ 400 ኪሎ ይደርሳል። በሴኮንድ 20 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ። ማሽኑ በሙሉ ከዚህ ብዙ ያነሰ ነው የሚመዝነው። ስንዝር ቢሄድ አይገርምም።

ማሽኑም ይህን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ 1200 አይገባም። ያንኑ ጋዋንና ቲሸርት መልሼ አስገብቼ በመስታወቱ ተመለከትኩ። ውሃው ከወጣ በኋላ ከበሮው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደዚህም ወደዚያም ዞረ፤ ልብሱን ሊበትን ነው። ቀጥሎ ልብሱ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ሳይወድቅ እስከሚዞር ድረስ ፍጥነት ጨመረ። በዚህ ፍጥነት ነው ማሽኑ ሚዛኑን የሚለካው። ከባዱ ወገን ወደ ላይ ሲወጣ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ሲወርድ ይቀለዋል፤ ያ መዋዠቅ ከበዛ ያቆምና እንደገና ይበትናል። ጋዋኑ በአንድ በኩል እንደ ድቡልቡል ተጠቅልሎ ሲዞር፣ ቲሸርቶቹ በሌላ በኩል ስስ ሆነው ተለጥፈው ይታያል። ማሽኑ አቆመ፣ በተነ፣ ሞከረ፣ አቆመ። የቀረው ደቂቃ ቁጥር እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ። ሰዓቱ ተበላሸ የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። አንዳንድ ማሽን በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ `UE` ወይም `Ub` የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል በዝቅተኛ ፍጥነት ጨምቆ ውሃ የሚንጠባጠብ ልብስ ያስረክባል።

ታዲያ አርብ ዕለት ለምን አልተወውም? ልኬቱ የሚሠራው በዝቅተኛ ፍጥነት፣ በዚያች ቅጽበት ባለው አቀማመጥ ነው። ለጥቂቱ ያለፈ ሸክም ፍጥነት ሲጨምር ቦታውን ሊቀይር ይችላል። ያንን ሸክም የተቀበለው ደግሞ አንድ እግሩ አየር ላይ የነበረ ማሽን ነው።

አቆምኩት። ውሃው መውጣቱንና ከበሮው መቆሙን አይቼ በሩ እስኪከፈት ጠበቅኩ። ጋዋኑን አውጥቼ ዘረጋሁት፤ እጅጌዎቹና መቀነቱ ተጠላልፈው ነበር። ከዚያ ሦስት ትልልቅ ፎጣ አምጥቼ አረጠብኩ። ደረቅ ፎጣ ማስገባት ብዙም አይጠቅምም፤ ለማመዛዘን እሱም ውሃ የጠጣ መሆን አለበት። ጋዋኑን ሳልጠቀልል ከበሮው ግርጌ ላይ ዘርግቼ፣ ፎጣዎቹን አንድ በአንድ ጎንና ጎን ላይ በተንኩ። ጭመቃውን ወደ 800 ዝቅ አድርጌ ጭመቃ ብቻ የሚለውን አስጀመርኩ።

አንዴ በተነ፣ ለካ፣ ተነሳ። ፍጥነት ሲይዝ ገና መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ተወዛወዘ፤ ከዚያ ረጋ። ይህ የመጀመሪያው ውዝዋዜ አያስደንግጥ። ከበሮው በሞላ ነው የተንጠለጠለው፤ የሞላው የራሱ ውዝዋዜና የከበሮው ዙር እኩል የሚሆኑበት ፍጥነት አለ፣ እሱ እስኪታለፍ ማንኛውም ማሽን ይናወጣል። መፈራት ያለበት ከዚያ በኋላም የማይረጋ ከሆነ ነው። ፕላስተሩን አየሁ፤ እግሮቹ እዚያው ናቸው።

ከዚያ ያለ ፎጣዎቹ ያንኑ ጋዋን በ800 ላስጨምቀው ብዬ ሞከርኩ። ማሽኑ እንደገና በመበተን ብቻ ደቂቃዎችን ፈጀ። እግሩ ተስተካክሎም ማለት ነው። ደልዳላ ማሽን ሚዛን ያጣ ልብስን አይፈውስም፤ ሁለቱ የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው።

እሑድ ማታ

እዚሁ እያለሁ የውስጡንም ልፈትሽ ብዬ ሶኬቱን ነቅዬ በሩን ከፈትኩ። ከበሮው ከላይ በሞላ ይንጠለጠላል፣ ከሥር ደግሞ ውዝዋዜውን የሚያበርዱ አሞርዛተሮች አሉት። የከበሮውን አፍ በመዳፌ ወደ ታች ተጭኜ ለቀቅኩት። ወደ ላይ ተመለሰ፣ አንዴ ዝቅ ብሎ ቆመ። ደህና ነው። ለቅቀነው ሦስት አራት ጊዜ ላይ ታች የሚል ከሆነ አሞርዛተሩ አልቋል፤ ያኔ እግር ማስተካከልም ልብስ መበተንም ለጊዜው ማስታገሻ ነው። ቀጥሎ የውስጡን ከበሮ ከላይኛው ጠርዝ ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት። ውስጠኛው ብቻውን ከውጭኛው ተለይቶ ቢንቀሳቀስ ኩሽኔታው ነው የሚጠረጠረው፤ እሱ ሲሆን ደግሞ በጭመቃ ጊዜ የሚያገሳ ድምፅ ይኖራል። የኛው አይንቀሳቀስም፣ አያገሳም።

እህቴ ለእግሮቹ ጎማ እንግዛ ወይ ብላ ጠየቀች። እንደኔ አያስፈልግም። ሴራሚክ ላይ መንሸራተትን ይቀንሳል፣ ድምፅም ያበርዳል፤ ይህን አልክድም። ግን ለስላሳና ወፍራም ከሆነ ማሽኑን ያወዛውዘዋል፣ ያስተካከልነውም ከፍታ ጎማው በተጨፈለቀ ቁጥር ይለወጣል። የሚያስገባ ሰው ካለ ጠንካራውን ይምረጥ፣ ለአራቱም እግር ያድርግ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና በጣት ይፈትሽ።

ሳምንቱ መሐል

እህቴ ደወለች። «ደህና ሲጨምቅ ከርሞ ዛሬ አንዴ ጓ አለ። አጠፋሁት።»

ምን እንደነበረበት ጠየቅኳት። የፍራሽ መከላከያ፤ ያ አንድ ፊቱ ፕላስቲክ የሆነው፣ ውሃ የማያሳልፈው።

ይኼኛው ከጋዋኑ የባሰ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው ልጻፈው። ተራ ጨርቅ ሲጨመቅ ውሃው በጨርቁ አልፎ በከበሮው ቀዳዳ ይወጣል። ውሃ የማያሳልፍ ነገር ግን ሲታጠፍ ኪስ ይሠራል፣ ውሃውም እዚያ ይታሰራል። ማሽኑ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲለካ ሚዛኑ ደህና ሊመስለው ይችላል። ፍጥነት ከያዘ በኋላ ኪሱ ድንገት ይከፈትና ብዙ ውሃ በአንዴ ይወጣል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ በአንድ ወገን የነበረው ክብደት የለም፣ ሌላው ወገን አለ፤ ማሽኑ ደግሞ ሙሉ ፍጥነት ላይ ነው። መስታወት ሊሰበር፣ ክዳን ሊነቀል ይችላል። ለዚህ ፎጣ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ውሃ የማያሳልፍ ልብስ፣ ጃኬትም ቢሆን ሽፋንም ቢሆን፣ መለያው ላይ በግልጽ ካልተፈቀደ በቀር አይጨመቅም። በእጅ ታጥቦ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠብ።

ማሽኑ ግን አልተጎዳም። በስልክ እየነገርኳት ውሃውን ብቻ የሚያስወጣውን ፕሮግራም አስጀመረች፣ መከላከያውን አወጣች፣ ባዶውን አስጨመቀችው። ጸጥ ያለ ነው አለች።

ቅዳሜ

ልፈትሽ ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ የገባው አንሶላ፣ የትራስ ልብሶችና አንድ ትልቅ የኮምፎርት ሽፋን ነው። ሽፋኑ አፉ ተከፍቶ ከገባ ሌላውን ልብስ ሁሉ ውጦ አንድ ድቡልቡል ያደርገዋል፤ ስለዚህ ቁልፎቹን ቆልፈን ነው ያስገባነው። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አራግፈን፣ ሳንጠቀልል። ከበሮው ላይኛው ክፍል ላይ መዳፍ የሚያስገባ ቦታ ቀርቷል፤ ታጭቆ ቢሞላ ልብሱ የመበተን ዕድል አያገኝም ነበር።

ጎረቤታቸው ከላይ የሚከፈት ማሽን እንዳላት ነግራኝ እሱስ ብላ ጠየቀችኝ። እዚያ ይቀላል። ሲንቀጠቀጥ ማቆም፣ ክዳኑን መክፈት፣ በአንድ ወገን የተከመረውን እየነቀሉ ዙሪያውን እኩል ማድረግ። ከባዱን ነገር በአንድ ጎን ብቻ አለማስቀመጥ። የእግሩ ነገር ያው ነው።

በ1000 አስጨመቅነው። መጀመሪያ ተወዛወዘ፣ ረጋ፣ ጨረሰ። የፊቶቹ እግሮች ከፕላስተሩ አልወጡም። ወረቀቱን ከአራቱም ሥር ሞከርኩ፤ አይገባም። ከኋላ በግራ ያለው በጣት አይዞርም፣ ዳዶውም ከላይ እንደተጣበቀ ነው። ከፊት በቀኝ ያለው ዳዶ ግን ጥቂት ላልቷል። ጥርሱ ላይ የደረቀ ሳሙና ተጋግሯል፤ ባለፈው ሳጠብቀው ሙሉ በሙሉ ያልተቀመጠው ለዚያ ይመስለኛል። በብሩሽ አጽድቼ መልሼ አጠበቅኩት። ከሁለት ሦስት እጥበት በኋላ እህቴ ራሷ በጣቷ ትሞክረዋለች፤ ከላላ መፍቻው ከማሽኑ ኋላ ተሰቅሏል።